በቃለ መጠይቅ እርግዝናን አለመናገር ያስባርራል?

«ሲቀጥሯት ነፍሰ ጡር መሆኗን ስለደበቀች መባረሯ ተገቢ ነው» የሚሉ ብዙ ናቸው። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ግን ይህ ምክንያት አያስኬድም።

በዴንማርክ አንዲት ሴት ከጁላይ 1995 ጀምሮ በአንድ የስልክ ኩባንያ ለ6 ወር ተቀጠረች። በኦገስት እርጉዝ መሆኗን፣ በኖቬምበር መጀመሪያም እንደምትወልድ አሳወቀች። ኩባንያው «ስትቀጠሪ አልነገርሽንም» ብሎ አሰናበታት። የኅብረቱ ፍርድ ቤት በ2001 በሰጠው ውሳኔ ስንብቱ የፆታ አድልዎ ነው አለ። ውሉ አጭር መሆኑ፣ እርሷም በእርግዝናዋ ምክንያት ከውሉ ጊዜ ብዙውን መሥራት አለመቻሏ ለውጥ አላመጣም። ትክክለኛ ፍርድ ነው፤ የመናገር ግዴታ ቢኖርባት ኖሮ ማን ይቀጥራት ነበር?

ውሉ በቀኑ ሲያበቃ ግን ነገሩ ይለያል፤ ማብቃቱ ስንብት አይደለም። ሆኖም ያልታደሰው በእርግዝናዋ ምክንያት ከሆነ፣ ያም አድልዎ ነው።