ጥቁሩ ግራጫ፣ ነጩ ሰማያዊ፦ ቲቪ ስናስተካክል የምንስታቸው ነገሮች

«ብራይትነስ ከፍ ሲል ቲቪው ይደምቃል አይደል?»

ስሙ ነው የሚያሳስተን። በብዙ ቲቪዎች ላይ ይህ ማስተካከያ የሚነካው ጨለማውን ነው፤ ጥቁር ከየት እንደሚጀምር ይወስናል። ከመጠን በላይ ከፍ ካለ ጥቁሩ ግራጫ ይሆናል፣ የሌሊት ትዕይንት ላይ ጭጋግ የወረደበት ይመስላል። ከመጠን በላይ ዝቅ ካለ ደግሞ የጥቁር ኮት እጥፋትና ኪስ አይለዩም፤ ሁሉም አንድ ጥቁር ጨርቅ ይሆናል።

ኤልሲዲ ቲቪን የሚያደምቀው ባክላይት፣ ማለትም ከስክሪኑ ጀርባ የሚበራው መብራት ነው። ችግሩ፣ አንዳንድ ቲቪ ላይ ባክላይቱ ራሱ Brightness ተብሎ ተጽፏል፣ ጨለማውን የሚነካው ደግሞ Black level ይባላል። ስለዚህ ስሙን ተዉትና ሥራውን እዩ። ስታንቀሳቅሱት ነጩም ጥቁሩም አብረው ከደመቁ፣ የያዛችሁት ባክላይቱን ነው።

«የሙከራ ቪዲዮው ላይ ያሉት ዘንጎች በሙሉ እስኪታዩኝ ድረስ ከፍ አደርገዋለሁ።»

አይሆንም፤ የተወሰኑት መጥፋት አለባቸው። በቪዲዮ ምስል ውስጥ ብርሃን ከ0 እስከ 255 ባሉ ቁጥሮች ይጻፋል፤ ጥቁር ግን ቁጥሩ 0 ሳይሆን 16 ነው፤ ነጭ ደግሞ 235። AVS HD 709 የሚባለውን ነጻ የሙከራ ቪዲዮ ብትወስዱ፣ የጥቁሩ ገጽ ላይ ቁጥር የተጻፈባቸው ብልጭ ድርግም የሚሉ ዘንጎች አሉ። 16 እና ከዚያ በታች ያሉት ከጀርባው ጥቁር ጋር መመሳሰል አለባቸው። ከ17 ጀምሮ ያሉት ናቸው መታየት ያለባቸው፤ 17 ራሱ ለዓይን የማይሞላ፣ ጭል ጭል የሚል ይሁን።

እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። ቲቪው ለግማሽ ሰዓት ያህል ይሞቃል። የሥዕል ሁነታውን ከVivid አውጥቼ Movie ወይም Cinema ላይ አደርገዋለሁ። ከክፍሉ ብርሃን ጋር ራሱን የሚቀያይረውንና ኮንትራስትን በራሱ የሚያንቀሳቅሰውን አጠፋለሁ፤ እነሱ እያሉ ሥራው ውኃ መውቀጥ ነው። ከዚያ ማታ ማታ ፊልም በማይበት ብርሃን ውስጥ እቀመጣለሁ። 14 እና 15 እስኪታዩኝ ብራይትነስን ከፍ አደርጋለሁ፣ ከዚያ አንድ አንድ ቁጥር እያልኩ ወደ ታች። 16 ሲጠፋና 17 በጭንቅ ሲታይ እዚያው አቆማለሁ።

አንዴ ግን ወደ ላይ ብሄድ ወደ ታች ብሄድ እምቢ አለኝ። እስከ 20ዎቹ ያሉት ዘንጎች የሉም፤ እነሱን ለማምጣት ስታገል ምስሉ በሙሉ ገረጣ። ጥፋቱ የብራይትነሱ አልነበረም። በኤችዲኤምአይ የተሰካው ላፕቶፕ ከ0 እስከ 255 ይልካል፣ ቲቪው ደግሞ ከ16 እስከ 235 ነው የሚጠብቀው። ሁለቱን አንድ ዓይነት ሳደርጋቸው ዘንጎቹ ብቅ አሉ። ነገሩ ሲገለበጥ፣ ማለትም ላኪው ጠባቡን ልኮ ቲቪው ሰፊውን ሲጠብቅ፣ ጥቁር የሚባል ነገር አይገኝም፤ ሁሉም አመድ ይሆናል።

«ኮንትራስት 100 ላይ ቢሆን ምን ይጎዳል?»

ምናልባት ምንም፤ ቪዲዮው ይነግራችኋል። የነጩ ገጽ ላይ እስከ 234 ያሉት ዘንጎች መለየት አለባቸው። ከጠፉ ዝቅ አድርጉት፤ ካልጠፉ ተዉት። ኮንትራስቱን ከነካችሁ ግን ወደ ጥቁሩ ገጽ ተመለሱ፣ አንዱ ሌላውን ይገፋዋል።

«የቀለም ሙቀቱን Warm ሳደርገው ሁሉም ነገር ቢጫ ሆነ፤ ተበላሸ መሰለኝ።»

ቢጫ የመሰላችሁ ዓይናችሁ ሰማያዊውን ስለለመደ ነው። ፊልምና የቴሌቪዥን ዝግጅት የሚሠራበት ነጭ 6500 ኬልቪን አካባቢ ነው። Cool የሚባለው ምርጫ ከዚያ በጣም ይርቃል፣ ነጩን ወደ ሰማያዊ ይወስደዋል። አብዛኛውን ጊዜ ለ6500 የሚቀርበው Warm ነው፤ ሁለት Warm ካለ ደግሞ ብዙ ጊዜ Warm2። ሁለት ሦስት ቀን ሳትነኩት እዩበት፣ ከዚያ ወደ Cool መልሱት። ያኔ የሰዉ ፊት በብርድ የደረቀ ይመስላችኋል።

እዚህ ላይ የሙከራ ቪዲዮው አቅም ያልቃል። ዓይን ያየውን ነጭ ሁሉ ቶሎ ስለሚለምድ፣ 6500 ይሁን 7500 በዓይን መለየት አይቻልም፤ ለዚያ መለኪያ መሣሪያ ያስፈልጋል። በዓይን የሚያዘው ሌላ ነገር ነው። ከጥቁር ወደ ነጭ የሚሄደውን የግራጫ መስመር ክፈቱ። መሀሉ ንጹሕ ሆኖ ጫፉ ላይ ሮዝ ወይም አረንጓዴ ካለ፣ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ እኩል እየሄዱ አይደለም ማለት ነው። ኮንትራስት ሲበዛም ይህ በነጩ ጫፍ በኩል ይመጣል፤ መጀመሪያ እሱን ዝቅ አድርጉ። የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ ማስተካከያዎችን ያለ መለኪያ መጎርጎር ግን አልመክርም። እኔ አንድ ምሽት ሙሉ ጎርጉሬ፣ ጠዋት ስከፍተው ሰዉ ሁሉ ሐምራዊ ሆኖ ጠበቀኝ።

«ተመሳሳይ ሞዴል ካለው ሰው ቁጥሮቹን ብገለብጥስ?»

የሥዕል ሁነታውንና Warmን ገልብጡ። ብራይትነሱን ግን በራሳችሁ ክፍል፣ በራሳችሁ ዘንጎች ያዙት። ቪዲዮውንም በምታዩበት መስመር አጫውቱት፤ ብዙ ቲቪ ለእያንዳንዱ ግቤት የተለየ ማስተካከያ ይይዛል። በፍላሽ ያስተካከላችሁት በኤችዲኤምአይ ለሚመጣው ላይሠራ ይችላል።