በዕርዳታና ዕድገት ሠንጠረዥ ላይ «ዕርዳታ × ፖሊሲ» የሚለው ረድፍ ምንድን ነው?

ክሬግ በርንሳይድና ዴቪድ ዶላር በ2000 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት፣ የውጭ ዕርዳታ ዕድገትን የሚያፋጥነው ጥሩ የኢኮኖሚ ፖሊሲ ባለበት አገር ነው የሚል መደምደሚያ ላይ ደርሶ ነበር። ይህ መደምደሚያ የቆመው በሪግሬሽን ሠንጠረዡ፣ ማለትም እያንዳንዱ ምክንያት ከዕድገት ጋር ያለውን ዝምድና በቁጥር በሚገምተው ስሌት ውጤት፣ አንድ ረድፍ ላይ ነው። ረድፉ የዕርዳታ መጠን (ከአገር ውስጥ ምርት በመቶኛ) በፖሊሲ መለኪያ ሲባዛ የሚገኘው ነው። መለኪያው የተሠራው ከበጀት ሚዛን፣ ከዋጋ ግሽበትና ለንግድ ክፍት ከመሆን ነው።

አነባበቡን በምሳሌ ቁጥር እንየው። «ዕርዳታ» 0.10 (0.15)፣ «ዕርዳታ × ፖሊሲ» ደግሞ 0.20 (0.07) ነው እንበል። በቅንፍ ያለው ስታንዳርድ ኤረር፣ ማለትም ግምቱ ምን ያህል ሊዋዥቅ እንደሚችል የሚያሳይ ቁጥር ነው። የመጀመሪያው ረድፍ የስታቲስቲክስ ጉልህነትን የሚያሳየው ኮከብ ስለሌለው ብዙ አንባቢ «ዕርዳታ ውጤት የለውም» ብሎ ያልፈዋል። ስህተቱ እዚህ ላይ ነው፤ 0.10 የሚናገረው የፖሊሲ መለኪያው ዜሮ ስለሆነበት አገር ብቻ ነው። መለኪያው 2 ለሆነበት አገር የዕርዳታ ውጤት 0.10 + (0.20 × 2) = 0.50 ነው። ዕርዳታ ከምርቱ በ1 በመቶ ሲጨምር የነፍስ ወከፍ ዕድገት በዓመት በግማሽ መቶኛ ነጥብ ከፍ ይላል ማለት ነው። ነገር ግን የዚህ የ0.50 ስታንዳርድ ኤረር ከሠንጠረዡ አይገኝም፤ ለማስላት የሁለቱ ኮኤፊሸንቶች፣ ማለትም በረድፎቹ ያሉት ግምቶች፣ አብረው የሚለዋወጡበት ልክ ወይም ኮቫሪያንስ ያስፈልጋል። ስለዚህ ጥሩ ጽሑፍ ውጤቱን በተለያየ የፖሊሲ ደረጃ የሚያሳይ ግራፍ ያክላል። ከሌለ፣ ደራሲዎቹ የትኛው አገር ከዕርዳታ እንደተጠቀመ ሲናገሩ ማስረጃው ገና አልቀረበም።

ቀጥሎ ዓይን ወደ ሠንጠረዡ ግርጌ ይውረድ፤ በእኔ ግምት ከኮከቦቹ ሁሉ የበለጠ የሚናገረው የምልከታዎች ብዛት ነው። በበርንሳይድና ዶላር ሠንጠረዥ አንዱ ዓምድ 275 ምልከታ ሲኖረው ሌላው 270 አለው። የወጡት አምስቱ ከሌሎቹ በጣም ርቀው የቆሙ የጋምቢያ፣ የጉያናና የኒካራጓ የአራት ዓመት ጊዜያት ናቸው። ቁጥር ከዓምድ ዓምድ ሲለያይ ማን እንደወጣና ሲመለስ ረድፉ ምን እንደሚሆን መጠየቅ ግድ ነው። ዊልያም ኢስተርሊ፣ ሮስ ሌቪንና ዴቪድ ሩድማን በ2004 እ.ኤ.አ. ያደረጉት ፈተና ይህን ይመስላል። ቀመሩን ሳይቀይሩ በመጀመሪያው ጥናት የጎደሉ መረጃዎችን ሞሉ፤ እስከ 1997 እ.ኤ.አ. ያሉትንም ጨመሩ። የ«ዕርዳታ × ፖሊሲ» ኮኤፊሸንት ጉልህነቱን አጣ።

የምክንያትና ውጤት አቅጣጫም አለ። ድርቅ ወይም ጦርነት ዕድገትን ሲጥል ዕርዳታ ይጨምራል፤ ተራው ሪግሬሽን ይህን ቢያነብ ዕርዳታ ዕድገትን የጎዳ ይመስለዋል። ለዚህ ሲባል ብዙ ጥናቶች የሕዝብ ብዛትን በመሣሪያ ተለዋዋጭነት፣ ማለትም የዕርዳታን መጠን በሚነካ ነገር ግን ከዕድገት መውደቅ በማይመነጭ መለኪያነት፣ ይጠቀማሉ፤ ትናንሽ አገሮች ከምርታቸው አንጻር ብዙ ዕርዳታ ያገኛሉና። መሣሪያው የሚሠራው ግን የሕዝብ ብዛት በዕርዳታ በኩል ካልሆነ በቀር ዕድገትን የማይነካ ከሆነ ነው። የአገር ስፋት ንግድንም ስለሚነካ፣ ይህ ግምት በጽሑፉ ውስጥ በግልጽ መከራከሪያ ሊቀርብለት ይገባል።