«አያይዤ ልኬያለሁ» ብሎ ባዶውን የሚሄደው ኢሜይል፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«አባሪ የሚረሳ ሰው ዝርክርክ ነው።»

ዝርክርክነት አይደለም። ኮፒ አንስቶ ዋናውን ወረቀት ማሽኑ ላይ ትቶ የሚሄድ ሰው ስንት ነው? የመጣበት ጉዳይ ኮፒው ነበር፤ ኮፒው እጁ ከገባ በኋላ የቀረችው ሥራ ከአእምሮው ትወጣለች። ብዙ የኤቲኤም ማሽኖች ካርዱን ሳያስወስዱ ብር የማይቆጥሩት በዚህ ምክንያት ነው። ኢሜይል ላይም ዋናው ጉዳይ ደብዳቤው ነው። ደብዳቤው አልቆ፣ ሰላምታው ተጽፎ፣ ስሙ ከታች ከገባ ሥራው ያለቀ ይመስላል። ይባስ ብሎ «አያይዤያለሁ» የሚለውን ቃል መጻፍ ራሱ የማያያዝ ያህል ይሰማል፤ እጅም ወደ Send ይሄዳል።

«ጂሜይል ራሱ ያስታውሰኛል።»

መስማት የሰለቸን ይህንኛውን ነው። ማስጠንቀቂያው እውነት አለ፤ የሚሠራው ግን ቃል በመልቀም ነው። ጽሑፉ ውስጥ attached የመሰለ ቃል አይቶ ፋይል ካጣ ይጠይቃል። በአማርኛ የምትጽፉ ከሆነ «ከዚህ ሸኚ ደብዳቤ ጋር አባሪ አድርጌ» ስላላችሁ ብቻ ይገባዋል ብላችሁ አትመኑ። መፈተን ቀላል ነው፦ «ሰነዱን አያይዤ ልኬያለሁ» ብላችሁ ያለ ፋይል ወደ ራሳችሁ አድራሻ ላኩ። ሳይጠይቅ ከሄደ ጠባቂ የላችሁም። ኮምፒውተሩንም ስልኩንም ለየብቻ ሞክሩ።

ተንደርበርድ የተባለውን የኢሜይል ፕሮግራም የምትጠቀሙ ዕድለኞች ናችሁ፤ የሚለቀሙትን ቃላት ራሳችሁ መጨመር ትችላላችሁ። Settings ውስጥ Composition ግቡ፣ Keywords የሚለውን ተጫኑና «አባሪ»፣ «አያይዤ»፣ «አያይዘን»፣ «ተያይዟል» ብላችሁ ጻፉ። አማርኛ ከፊትም ከኋላም ቅጥያ ስለሚያበዛ፣ አዘውትራችሁ የምትጽፉትን እንዳለ («አባሪውን»፣ «ከአባሪው») አክሉና እንደገና ፈትኑ።

ማስጠንቀቂያው ቢሠራም የሚጮኸው አንድም ፋይል ከሌለ ብቻ ነው። የሥራ ማመልከቻ እንውሰድ። ማስታወቂያው ሲቪ፣ የትምህርት ማስረጃ ኮፒና የሥራ ልምድ ደብዳቤ ይጠይቃል። አመልካቹ ሁለቱን አያይዞ ሦስተኛውን ከረሳ ማንም አይጠይቀውም፤ ፋይል አለ ተብሎ ይታለፋል። ይህን የሚይዘው የድሮው የመሥሪያ ቤት ልማድ ነው፦ ከደብዳቤው ግርጌ የምትጻፈው የ«አባሪ» መስመር። መዝገብ ቤት ውስጥ ወረቀቱን ቆጥሮ የሚያያይዝ ሰው ነበር፤ ኢሜይል ላይ እሱ የለም፣ መስመሩን ግን መመለስ ይቻላል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አዲስ መልእክት ክፈቱ፣ አድራሻውን ባዶ ተዉት፣ መጀመሪያ ሦስቱን ፋይሎች አያይዙ። ጭነቱ እስኪያልቅ ጠብቁና አንድ በአንድ ከፍታችሁ እዩ፤ የተሳሳተው ቅጂ የሚያዘው እዚህ ነው። ከዚያ ደብዳቤውን ጻፉና ከግርጌው፣ የተያያዙትን ስሞች እያያችሁ፣ «አባሪ፦ 1. ሲቪ 2. የትምህርት ማስረጃ 3. የሥራ ልምድ» ብላችሁ ዘርዝሩ። ከሐሳባችሁ ከጻፋችሁት ዋጋ የለውም፤ የተስፋውን ዝርዝር እንጂ የተያያዘውን አትቆጥሩም። አድራሻው የሚገባው በመጨረሻ ነው። አድራሻ የሌለው መልእክት Send ቢነካ እንኳ አይሄድም።

ከስልክ ስትልኩ ከፋይሉ ጀምሩ፦ ፋይሉን ክፈቱ፣ Share ብላችሁ ጂሜይልን ምረጡ። መልእክቱ ፋይሉን ይዞ ይወለዳል።

«መልስ ስሰጥ የቀድሞው ፋይል አብሮ ይሄዳል።»

አይሄድም። Reply የቀድሞውን አባሪ ጥሎ ይሄዳል፤ ይዞ የሚሄደው Forward ነው። «ያያያዝኩትን ይመልከቱ» የሚለው የድሮ ጽሑፍ ከታች ስለሚታይ ፋይሉም ያለ ይመስላል። መልስ ላይ አድራሻው ቀድሞ ስለሚሞላም፣ መጻፍ ከመጀመራችሁ በፊት አያይዙ፤ ካልሆነ አድራሻውን አጥፉና በመጨረሻ መልሱት።

«ከተላከ በኋላ መመለስ ይቻላል።»

የጂሜይሉ Undo Send መልእክቱን ከተቀባዩ አይነጥቅም፤ ለጥቂት ሰከንዶች ሳይልክ ያቆየዋል እንጂ። ካልቀየራችሁት 5 ሰከንድ ነው። See all settings ውስጥ General ላይ ወደ 30 አድርጉና ከታች Save Changes መጫን አትርሱ፤ ብዙ ሰው ይህችን ዘሎ «አልሠራም» ይላል።

ጊዜው ካለፈ አዲስ መልእክት አትጀምሩ። Sent ውስጥ ገብታችሁ በራሳችሁ መልእክት ላይ Reply all በሉ፣ መጀመሪያ ፋይሉን አያይዙ፣ ከዚያ «አባሪው ቀርቶ ስለነበር ልኬዋለሁ» የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ይበቃል። ደብዳቤውና ፋይሉ አንድ ክር ላይ ስለሚቀመጡ ተቀባዩ ሁለቱን አይፈላልግም። ረጅም ይቅርታ አትጻፉ፤ ፋይሉ ለሁለተኛ ጊዜ የሚረሳው እሱን ስታሳምሩ ነው።