ስሜትን በስሙ መጥራት ወይስ ማሳየት? ልዩነቱ ምንድን ነው?

ልብ ወለድ መጻፍ የሚጀምር ሰው ቶሎ የሚደርሰው ምክር «አትንገረን፣ አሳየን» የሚል ነው። ግማሹ እውነት ነው። ስሜትን በስሙ መጥራት «ተጨነቀች» ብሎ መጻፍ ነው። ማሳየት ደግሞ ሴትዮዋ የምታደርገውንና በእጇ ያለውን ዕቃ ብቻ ጽፎ፣ ጭንቀቱን አንባቢ ራሱ እንዲደርስበት መተው ነው። ከባዱ የትኛው የት እንደሚያስፈልግ መለየቱ ነው።

ድሬዳዋ እንሂድ። ዘሐራ ቀፊራ ገበያ ማንጎ ትሸጣለች እንበል። ልጇ ለሥራ ጅቡቲ ሄዷል። «ስደርስ እደውላለሁ» ብሏት ነበር፤ አልደወለም።

«ዘሐራ ስልኳን ከቻርጀሩ ነቅላ አየችው። ሙሉ ነው። መልሳ ሰካችው።»

እዚህ ላይ «በጣም ተጨንቃ ነበር» ብሎ መጨመር ትርፍ ነው። ልጁ አለመደወሉን አንባቢ ያውቃላ! ያንን ባያውቅ ግን ቻርጀሩ መሥራቱን የምትፈትሽ ይመስለው ነበር። ዕቃ የሚናገረው ቀድሞ በተነገረ ነገር ላይ ተደግፎ ነው።

ሌላ እንሞክር። «ምሳ ሰዓት አልፏል። ዘሐራ ደጃፏ ላይ ተቀምጣለች።» ለድሬ ልጅ ይህ ብቻውን ይበቃዋል። በዚያ ሙቀት ሱቁም ይዘጋል፣ ሰዉም ጋደም ይላል፤ ማን ደጅ ይቀመጣል? ደብረ ብርሃን ላለ አንባቢ ግን ሴትዮዋ ፀሐይ እየሞቀች ነው። ስለዚህ ሁለት ገጽ ቀደም ብሎ፣ ዘሐራ ከምሳ በኋላ ካልተኛች ቀኑ እንደማይገፋላት በጨረፍታ ማንሳት ያስፈልጋል።

በመጨረሻ ስልኩ ጠራ።

«ልጇ ነው። ዘሐራ ተናደደች። ‹ወሪያ፣ በልተሃል?› አለችው።»

አሁን ስሜቱን በስሙ ጠራነው። ለምን? አንባቢ እዚህ ጋ የሚጠብቀው ደስታ ነው። ጥያቄዋም የፍቅር ነው። «ተናደደች» የሚለውን ብናወጣው ንዴቱ አብሮ ይጠፋል፤ የቀረው ዓረፍተ ነገር ወደ እሱ አይመራም። ስሙና ድርጊቱ ሲጋጩ ሁለቱም ይኑሩ። አንድ ነገር ሲደጋግሙ ግን አንዱ ይውጣ፤ ብዙ ጊዜ መውጣት ያለበት ስሙ ነው።

ጀማሪዎች ማሳየት የሚመስላቸው አንድ ነገር አለ፦ «ልቧ ድው ድው አለ፣ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ»። ይህ ለማንም ሰው፣ ለየትኛውም ታሪክ ይሆናል። ዘሐራን የሚለይ ምንም የለበትም። ከዚህ ይልቅ እኔ በግልጽ «አዘነች» ቢባል እመርጣለሁ፤ ቢያንስ አጭር ነው።

ደግሞ ሁሉም ጭንቀት ትዕይንት አይገባውም። ልጁ ከደወለ በኋላ ታሪኩ አንድ ወር የሚዘል ከሆነ፣ «ወሩን ሙሉ በስጋት ከረመች» ብሎ ማለፍ ይቻላል። ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ዕቃ ከፈለግንለት፣ የስልኩ ቻርጀር ከሌላው ኮተት ጋር ተደባልቆ ይረሳል።