ከጋዝ ወደ ኢንዳክሽን ምድጃ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ብረት ድስት እስከሆነ ድረስ ይሠራል።»

አይሠራም። ኢንዳክሽን ምድጃ ነበልባልም የጋለ ሽቦም የለውም። ከመስታወቱ ሥር የተጠቀለለ የመዳብ ሽቦ አለ፤ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት በፍጥነት የሚለዋወጥ የማግኔት መስክ ይፈጥራል፤ ሙቀቱ የሚፈጠረውም በራሱ በድስቱ መቀመጫ ውስጥ ነው። ስለዚህ መቀመጫው ማግኔት የሚስብ ብረት መሆን አለበት። በባሕር ዳር ቤቶች በብዛት የሚገኘው ቀላሉ ድስት ግን አሉሚኒየም ነው። እሱን ቢጥዱት ምድጃው ይጮኻል፣ የስህተት ምልክት ያሳያል፣ ጥቂት ቆይቶም ራሱን ያጠፋል። ሰው በዚህ ጊዜ ምድጃውን ወደ ሻጩ ይዞ ይሄዳል፤ ጥፋቱ ግን የድስቱ ነው።

መለያው ቀላል ነው። ማቀዝቀዣ በር ላይ የሚለጠፍ ማግኔት ይዘው ወደ ገበያ ይሂዱና ከድስቱ ጎን ሳይሆን ከመቀመጫው ጋር ያገናኙት። ጠበቅ ብሎ ከተያዘ ይሆናል፤ እየተንሸራተተ ከወደቀ ይተዉት። «ስቴንለስ ነው» የሚለው የሻጭ ቃል ብቻውን አይበቃም፤ ማግኔት የማይስበውም ስቴንለስ አለና። ኢናሜል የተቀባ የብረት ድስትና ወፍራም የብረት መጥበሻ ግን በደንብ ይሠራሉ። መቀመጫው ጠፍጣፋ መሆኑንም ይዩ፤ መሐሉ ከጎበጠ ከመስታወቱ ይርቅና ኃይሉ ይቀንሳል። የግፊት ድስት ያላችሁም ፈትሹ፤ ብዙዎቹ አሉሚኒየም ናቸው።

የሸክላ ድስትና ጀበና ጨርሶ አይሞቁም። ከሥራቸው የብረት ሰሃን አድርጎ መጣድ ይቻላል የሚሉ አሉ። ይቻላል፤ ነገር ግን የሚግለው ሰሃኑ ነው፣ ሙቀቱም ወደ መስታወቱ ይመለሳል፣ ምድጃውም ግሎ ይጠፋል። ለቡና ከሰሉን ወይም ጋዙን ቢያቆዩ ይሻላል፤ እኔ በበኩሌ የጀበና ቡናን በዚህ ዘዴ ማፍላት ትርፉ ድካም ነው እላለሁ።

«ኢንዳክሽን ፈጣን ስለሆነ ሁሉም ነገር በግማሽ ሰዓት ይበስላል፤ ቁጥሩን ከፍ ማድረግ ብቻ ነው።»

ፈጣን የሚሆነው እስኪፈላ ድረስ ነው። ከጋዝ ነበልባል አብዛኛው ሙቀት በድስቱ ዙሪያ ወደ አየር ይወጣል፤ ኢንዳክሽን ግን ከሚወስደው ኃይል አብዛኛውን ድስቱ ውስጥ ያስቀራል። ሁለት ሊትር ውሃ በ2000 ዋት ስድስት ደቂቃ ገደማ ላይ ይፈላል፤ መካከለኛ የጋዝ ምድጃ ላይ አሥር ደቂቃ ያህል ይወስዳል።

ከፈላ በኋላ ያለው ጊዜ ግን አያጥርም። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል 1800 ሜትር ያህል ከፍ ያለች በመሆኗ ውሃ እዚህ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ክዳኑ እየተንቀጠቀጠ በ2000 ዋት ቢፈላም፣ በ500 ዋት ረጋ ብሎ ቢንተከተክም የውሃው ሙቀት ያው 94 ነው። ሽምብራውም ሆነ ሥጋው የሚበስልበት ጊዜ አይለወጥም፤ የሚለወጠው የሚተንነው ውሃ ብቻ ነው። ስለዚህ በጋዝ አንድ ሰዓት የፈጀ ሽምብራ ከፈላ በኋላ ተመሳሳይ ጊዜ ይፈልጋል፤ መቆጠብ የሚቻለው መጀመሪያ ላይ ያሉትን ጥቂት ደቂቃዎች ነው። ሲፈላ ወደ 400 ወይም 500 ዋት ማውረድና መክደን ይበቃል።

ዘይት ግን ሌላ ነገር ነው። ውሃ 94 ላይ ሲቆም ዘይት አይቆምም። ስስ መጥበሻ በ2000 ዋት ከተጣደ በጥቂት ደቂቃ ዘይቱ መጨስ ይጀምራል፤ የሙቀት መለኪያው ከመስታወቱ ሥር ስለሆነ የመጥበሻውን ግለት ዘግይቶ ነው የሚያውቀው። ቀረሶ አሳ ለመጥበስ ዘይቱን በ1000 ወይም 1200 ዋት ያሙቁ፣ አጠገቡም ይቁሙ። ባዶ መጥበሻ በከፍተኛ ኃይል ማጋልም መቀመጫውን ያጣምመዋል፤ ከዚያ በኋላ በመስታወቱ ላይ እንደ እንዝርት ይሽከረከራል።

«ዝቅ ሳደርገው እየጠፋ እየበራ ነው፤ ተበላሽቷል።»

አልተበላሸም። ብዙዎቹ ርካሽ ተንቀሳቃሽ ምድጃዎች ከ1000 ዋት ገደማ በታች ያለማቋረጥ መሥራት አይችሉም። ሰሌዳው 400 ሲያሳይ ምድጃው ለጥቂት ሰከንዶች 1000 ዋት ገደማ ይሰጣል፣ ከዚያ ያርፋል፣ እንደገና ይሰጣል፤ አማካዩ 400 ይሆናል። ስስ መቀመጫ ያለው ድስት ይህን ውጣ ውረድ በቀጥታ ስለሚቀበል ሽሮ ሥሩ ይይዛል። ወፍራም መቀመጫ ሙቀቱን አከማችቶ ቀስ እያለ ስለሚለቅ ልዩነቱን ያለዝበዋል። ለወጥ የሚሆን ድስት ሲገዙ ከማግኔቱ ቀጥሎ ክብደቱን መዝኑ የምለውም ለዚህ ነው።

የአሳ ወጥን እንመልከት። ግማሽ ኪሎ የተከተፈ ሽንኩርት ያለ ዘይት በ1200 ዋት ይጀመር። ሽንኩርቱ ውሃውን ስለሚለቅ በዚህ ኃይል ቶሎ አያርም፤ ውሃው እስኪመጥ 15 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። እዚህ ላይ በጋዝ ዓይናችን ነበልባሉን ያይ ነበር፤ አሁን መስማት ነው ያለብን። የመፍላት ድምፁ ወደ መንጫጫት ሲለወጥ ውሃው አልቋል ማለት ነውና ወዲያው ወደ 600 ይውረድ። ኢንዳክሽን ቁልፉ በተነካበት ቅጽበት ስለሚታዘዝ ድስቱን ከምድጃው ማውረድ አያስፈልግም። ከዚያ ዘይትና በርበሬ ገብቶ፣ ጠብ ጠብ በሚል ውሃ እየረጠበ፣ በዚያው 600 ለ15 ደቂቃ ይቁላላ። በርበሬ በ1200 ዋት ከተተወ በደቂቃ ውስጥ ይመርራል።

ግማሽ ሊትር ውሃ ተጨምሮ በ1600 ሦስት ደቂቃ ገደማ ላይ ይፈላል። አሁን ወደ 600 ይመለስና የተቆራረጠው ቀረሶ ይግባ። ስምንት እስከ አሥር ደቂቃ ይበቃዋል። ማማሰያ አያስፈልግም፣ ድስቱን በመያዣው ማወዛወዝ ይሻላል፤ ነገር ግን መስታወቱን እንዳይፍቅ አንሥተው ያወዛውዙ። ድስቱ ሲነሣ ኃይሉ ይቋረጣል፣ ሲመለስ ይቀጥላል።

«መብራት ይበላል።»

ከላይ የተሠራው አሳ ወጥ በጠቅላላ የፈጀው ከአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት በታች ነው፤ ሲደመር 0.63 ያህል ይሆናል። እኔን የሚያሳስበኝ ቆጣሪው ሳይሆን ሽቦው ነው። 2000 ዋት በ220 ቮልት ዘጠኝ አምፔር ይስባል። ይህን ለስልክ ቻርጅ በምንጠቀምበት ቀጭን የማራዘሚያ ገመድ ላይ መሰካት ገመዱን ያግላል፤ በእጅ ሲዳስሱት ሲሞቅ ካገኙት ያቁሙ። የኤሌክትሪክ ምጣድ በሚጋገርበት ሰዓትም በአንድ መስመር ላይ አብሮ አይብራ።

«ድስቱ ነው እንጂ ምድጃው ስለማይግል፣ እንደጨረስኩ ሶኬቱን እነቅላለሁ።»

መስታወቱ ከድስቱ ሙቀት ይቀበላል፤ አሳ የተጠበሰበት ቦታ መጥበሻው ከተነሣ በኋላም እጅ ያቃጥላል። ውስጡ ያሉት ክፍሎችም ስለሚሞቁ ከጠፋ በኋላ ማራገቢያው ለጥቂት ጊዜ ይሽከረከራል። ድምፁ እስኪቆም ሶኬቱ አይነቀል። ከሥሩ ያለው የአየር ማስገቢያም እንዳይዘጋ በጠረጴዛ ልብስ ላይ አያስቀምጡት።