የዳሌ ወለል ምንድን ነው? ከወሊድ በኋላ ወደ ሩጫ ለሚመለሱ እናቶች

ሁለተኛ ልጄን ከወለድኩ 14ኛው ሳምንት ላይ ነበር። ጠዋት ከሽሮ ሜዳ ተነስቼ የእንጦጦን ዳገት በእርምጃ ወጣሁ፣ ቁልቁለቱን በሩጫ ወረድኩ። ትንፋሼ ደህና ነበር። እግሬም አላስቸገረኝም። ደስ ብሎኝ ቤት ገባሁ። ማታ ልጄን ታቅፌ ቆሜ ሳባብል ግን ከታች በኩል የሆነ ነገር የተንጠለጠለ መሰለኝ። ህመም አይደለም፣ ክብደት ነው። ጋደም ስል ጠፋ፤ ስቆም ተመልሶ መጣ።

ያ ክብደት የመጣው ከዳሌ ወለል ነው። የዳሌ ወለል የምንለው ከፊት ካለው የብልት አጥንት ተነስቶ ከኋላ እስከ ጭራ አጥንት የተዘረጋ የጡንቻና የጅማት ንጣፍ ነው። የጠፍር አልጋ የሚያውቅ ሰው በቀላሉ ይገባዋል። ጠፍሩ ሲወጠር የተኛበትን ሰው ቀጥ አድርጎ ይይዛል፤ ሲላላ መሃሉ ይሰምጣል። በእኛ ጠፍር ላይ የተቀመጡት የሽንት ፊኛ፣ ማህፀንና የአንጀት መጨረሻ ናቸው። ስናስል፣ ስንስቅ፣ ስንዘል እኛ ሳናስበው ይጠብቃል። ሽንት የማያመልጠን ለዚህ ነው።

በምጥ ጊዜ ይህ ንጣፍ ሕፃኑን ለማሳለፍ በጣም ይለጠጣል። ሕፃኑ ያለፈበት ክፍተት ተመልሶ የሚጠበው ቀስ እያለ ነው፤ አብዛኛው መሻሻል ከ4 እስከ 6 ወር ይወስዳል። በኦፕራሲዮን የወለደችም ብትሆን ዘጠኝ ወር ሙሉ ክብደቱን የተሸከመው ይኸው ወለል ነው። እሷ ደግሞ የሆድ ቁስል አለባት። ላይ ቆዳው ቢገጥምም ከሥሩ ያለው ሽፋን የድሮ ጥንካሬውን ለማግኘት ወራት ይፈልጋል።

ሩጫ ከእርምጃ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። በሶምሶማ እግራችን መሬት በነካ ቁጥር ከክብደታችን ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት ተኩል እጥፍ የሚሆን ኃይል ተመልሶ ወደ ሰውነታችን ይመጣል። 60 ኪሎ ለሆነች ሴት ከ90 እስከ 150 ኪሎ ማለት ነው፣ በእያንዳንዱ እርምጃ። ቁልቁለት ላይ ደግሞ ይብሳል። እኔ ለመጀመሪያ ቀን የመረጥኩት ያንን ነበር።

ብዙዎቻችን የምንቆጥረው በቀን ነው። አራስነቱ አለቀ፣ ክርስትና ተነሳ፣ እንግዲህ ልሩጥ። እኔንም በምርመራ ቀን ያየችኝ ባለሙያ «ስፌቱ ድኗል፣ መሮጥ ትችያለሽ» ብላኝ ነበር። ያየችው ስፌቱን ነው፤ የወለሉን ጥንካሬ አልለካችም። እ.ኤ.አ. በ2019 በእንግሊዝ ሦስት ፊዚዮቴራፒስቶች ያወጡት መመሪያ ከ3 ወር በፊት ሩጫ እንዳይጀመር ይመክራል። 3 ወር ደግሞ መነሻ እንጂ ፈቃድ አይደለም። ደራርቱ ቱሉ እ.ኤ.አ. በ1998 ወልዳ በ2000 ሲድኒ ላይ ወርቅ ማጥለቋን ሁላችንም እናውቃለን። በመሃል የነበሩት ሁለት ዓመታት ግን ብዙ አይወሩም።

ከቀኑ ይልቅ ሰውነትን መጠየቅ ይሻላል። 30 ደቂቃ ፈጠን ብሎ መራመድ፣ በአንድ እግር 10 ሰከንድ መቆም፣ ባሉበት ቦታ ለ1 ደቂቃ ሶምሶማ ማድረግ፣ በየእግሩ 10 ጊዜ በአንድ እግር መዝለል። ይህን ሁሉ ሽንት ሳያመልጥ፣ ክብደት ሳይሰማ፣ ዳሌና ወገብ ሳያም መጨረስ ከተቻለ መጀመር ይቻላል። ካልተቻለ ገና ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሞዴስ አድርጎና ጥቁር ሱሪ ለብሶ መሮጥ ምልክቱን ይደብቀዋል እንጂ አያጠፋውም። «ከወለድሽ በኋላ ያለ ነው» የሚሏችሁን አትቀበሉ። ብዙዎችን ያጋጥማል፣ ግን ሊታከም የሚችል ነገር ነው።

እኔ ወደ ሐኪም ሄድኩ። ፊኛዬ በትንሹ ወደ ታች ወርዶ ነበር። ደነገጥኩ፤ አለቀስኩም። ሐኪሟ ግን ደረጃው ዝቅተኛ እንደሆነ ነግራኝ ወደ ፊዚዮቴራፒስት ላከችኝ። እዚያ የተማርኩት ይህን ነው፦ ፈስ እንደመያዝ አድርጎ ከኋላ መጀመር፣ ወደ ፊትና ወደ ላይ መሳብ፣ እስከ 10 ሰከንድ መያዝ፣ ከዚያ ሙሉ በሙሉ መልቀቅ። ቢያንስ 8 ጊዜ፣ በቀን ሦስቴ። ትንፋሽ አይያዝም፣ መቀመጫም አይጨበጥም። ሽንት እየሸኑ አቋርጦ መለማመድ አይመከርም። መልቀቁ እኩል ያስፈልጋል። አንዳንድ ሴት ወለሏ የላላ ሳይሆን የተኮማተረ ነው። ግንኙነት ሲያማት ወይም ሽንቷ ለመጀመር ሲያስቸግራት ይህ ሊሆን ይችላል፤ ለእሷ ማጥበቅ ብቻውን ያባብስባታል። ስለዚህ መጀመሪያ መመርመሩ ጥሩ ነው።

ከስድስት ሳምንት ልምምድ በኋላ ፈተናዎቹን አለፍኩና ሜዳ በሆነ ቦታ ጀመርኩ። 1 ደቂቃ ሶምሶማ፣ 2 ደቂቃ እርምጃ፣ ስምንት ጊዜ። በሳምንት ሦስት ቀን፣ በመሃል እረፍት እያደረግኩ። በሁለተኛው ሳምንት 2 ደቂቃ በ2 ደቂቃ አደረግኩት። በሦስተኛው ሳምንት ሶምሶማውን ወደ 3 ደቂቃ ሳሳድግ፣ ሐሙስ ማታ ዕቃ ሳጥብ ያ ክብደት ተመለሰ።

ስትሮጡ ምንም ሳይሰማችሁ ማታ ወይም በማግስቱ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ አንድ ሩጫ ተስማማ የሚባለው 24 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። የእኔ ደንብ እንዲህ ሆነ። ክብደቱ ቀለል ያለ ሆኖ እስከ ጠዋት ከጠፋ፣ ያንኑ መጠን እደግማለሁ፣ አልጨምርም። በማግስቱም ካለ ወይም ሽንት ካመለጠኝ፣ ወደ ቀድሞው ደረጃ እመለሳለሁ። ያን ሐሙስ ዓርብ ጠዋትም ክብደቱ ስላልለቀቀኝ ወደ 2 ደቂቃው ተመለስኩና ሁለት ሳምንት እዚያው ቆየሁ። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ነው የምጨምረው። ደቂቃ ከጨመርኩ ፍጥነት አልጨምርም፣ ዳገትም አልነካም። ልጄ ሲያመው ሌሊቱን ሙሉ ተሸክሜው ካደርኩ ደግሞ ያን ቀን እራመዳለሁ። ወለሉ ሌሊቱን ሙሉ ሲሠራ አድሯል።

በራሳችሁ የማትዳኙት ምልክትም አለ። ቆሞ የነበረ ደም ከሩጫ በኋላ እንደገና ከመጣ፣ ወይም ብልት ላይ እብጠት ነገር ከታየ ወይም ከተዳሰሰ፣ ሩጫውን ትቶ ሐኪም ጋር መሄድ ነው። ሽንት ስትዘሉ ብቻ ሳይሆን ቀንና ሌሊት ሳያቋርጥ የሚፈስ ከሆነ ፊስቱላ ሊሆን ይችላል። እሱ በልምምድ አይድንም፤ ሕክምና ይፈልጋል።

በ33ኛው ሳምንት ያለ እርምጃ 5 ኪሎ ሜትር ሮጥኩ፣ ሜዳ ላይ። ያን ማታ ቆሜ እንጀራ ስጋግር አመሸሁ፤ ጠዋትም ስነሳ ምንም አልነበረም። የእንጦጦን ቁልቁለት ግን እስካሁን በእርምጃ ነው የምወርደው።