የምትክ ፍላጎት ምንድን ነው? ሙያ ከመቀየር በፊት መታየት ያለበት ቁጥር

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ሆቴል ውስጥ ሪሴፕሽን የምትሰራ ጓደኛዬ ባለፈው ስልኳን አውጥታ አንድ ዝርዝር አሳየችኝ። "በፍጥነት የሚያድጉ ሙያዎች" ይላል። አናቱ ላይ የነፋስ ተርባይን ቴክኒሽያን ተቀምጧል፣ እድገቱ ደግሞ 60 በመቶ። ቱሪስት ከቀነሰ ወዲህ የሆቴሉ ስራ ስለተቀዛቀዘባት ሙያ መቀየር ትፈልጋለች፣ እና "ይሄን ልማር?" አለችኝ።

የምትክ ፍላጎት የሚባለውን ነገር ያስረዳኋት ያኔ ነው። አንድ ሙያ ውስጥ ስራ የሚከፈተው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ሙያው ሲያድግ ከዚህ በፊት ያልነበረ ቦታ ሲፈጠር ነው። ሁለተኛው ነባር ሰው ጡረታ ሲወጣ፣ ከስራ ዓለም ሲርቅ ወይም ወደ ሌላ ሙያ ሲሻገር እሱን የሚተካ ሰው ሲፈለግ ነው። የምትክ ፍላጎት የምንለው ይህን ሁለተኛውን ነው። የእድገት መቶኛ የሚነግረን ስለ መጀመሪያው ብቻ ነው፣ ብዙውን ጊዜ ግን አብዛኛው ክፍት ቦታ የሚመጣው ከሁለተኛው ነው።

ዝርዝሩ የተወሰደው ከአሜሪካ የስራ ስታቲስቲክስ ቢሮ ትንበያ ነው፣ ከ2023 እስከ 2033 እ.ኤ.አ. ያለውን። እዚያው ትንበያ ላይ የሂሳብ ባለሙያና ኦዲተር እድገት 6 በመቶ ብቻ ነው። በመቶኛ ካየነው ነፋሱ አስር እጥፍ ይበልጣል። በዓመት የሚከፈተውን ቦታ ስናይ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ለተርባይን ቴክኒሽያን 2,100 ገደማ፣ ለሂሳብ 130,800 ገደማ። ምክንያቱም ተርባይን ላይ መጀመሪያውኑ የነበሩት ሰዎች 11,400 ያህል ናቸው፣ ትንሽ ነገር ላይ 60 በመቶ ቢጨመር ያው ትንሽ ነው። ሂሳብ ላይ ያሉት ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ናቸው። በአስር ዓመት የሚጨመረው አዲስ ቦታ 91,400 ነው፣ ለአስር ሲካፈል በዓመት 9,000 አካባቢ ይሆናል። ከ130,800ው ላይ ይሄን ስትቀንሱ የቀረው በሙሉ ምትክ ነው ማለት ነው።

እንግዲህ ምትክ የበዛበት ሁሉ ጥሩ ነው ማለት አይደለም። እዚሁ አሜሪካ ቤት ለቤት እየሄዱ አረጋውያንንና ህመምተኞችን የሚንከባከቡ ሰራተኞች በዓመት ከ700,000 በላይ ቦታ ይከፈትላቸዋል። ግን ሰው የሚለቀው ክፍያው ዝቅተኛ ስለሆነና ስራው ስለሚያደክም ጭምር ነው። ሰዉ የለቀቀው ጡረታ ደርሶ ነው ወይስ ምርር ብሎት? ይሄ ጥያቄ ከቁጥሩ እኩል ይመዝናል።

ወደ ጎንደር እንምጣ። የአሜሪካውን ቁጥር እዚህ መገልበጥ አይቻልም። ስራ እንደ ልብ በማይገኝበት አገር ሰው ያለውን ቦታ አጥብቆ ይይዛል፣ ስለዚህ የሚለቀው ያነሰ ይሆናል። የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት በ2013 ዓ.ም. ያካሄደው የስራ ኃይልና ፍልሰት ጥናት በየዘርፉ ስንት ሰው እንደሚሰራ ያሳያል። ትልቁንና ትንሹን ዘርፍ ለመለየት ይጠቅማል፣ የምትክን ነገር ግን በእጅ መቁጠር ይሻላል።

ጓደኛዬ ያደረገችው ይሄንኑ ነው። ሦስት ወር ሙሉ የማስታወቂያ ሰሌዳና የቴሌግራም ክፍት የስራ ቦታ ማስታወቂያ ስታገኝ ፎቶ እያነሳች ሰበሰበች። ከዚያ ቀጣሪዎቹ ጋር እየደወለች አንድ ጥያቄ ጠየቀች፦ "ቦታው አዲስ ነው ወይስ የለቀቀ ሰው አለ?" አብዛኞቹ ሳያንገራግሩ መለሱላት። ለሂሳብ ሰራተኛ 14 ማስታወቂያ አገኘች፣ ከነሱ 11ዱ ምትክ፣ 3ቱ አዲስ። ለሶላር ቴክኒሽያን 2፣ ሁለቱም አዲስ። የነፋስ ተርባይን ምንም የለም። መኖርም አልነበረበትም፣ የአገራችን የነፋስ ጣቢያዎች እንደ አሸጎዳ፣ አዳማና አይሻ ባሉ ቦታዎች እንጂ እዚህ አይደሉም።

ፎቶዎቹን በየቀጣሪው ስንደረድራቸው ደግሞ ከ11ዱ አራቱ የአንድ ድርጅት ሆነው ተገኙ። ያው ማስታወቂያ፣ ያው ደመወዝ፣ በሦስት ወር አራት ጊዜ። ሰው የማይከርምበት ቤት ነው። እነሱን አወጣናቸው። የቀሩት 7 ምትክና 3 አዲስ ናቸው፣ ከምትኮቹ ሁለቱ ጡረታ በወጣ ሰው ቦታ የወጡ ነበሩ። የመንግስት መስሪያ ቤት ጡረታ 60 ዓመት ላይ ስለሆነ፣ ሂሳብ ክፍል ገብቶ ወደ 60 የተጠጋ ሰው ስንት እንዳለ መጠየቅም ለሚቀጥሉት ዓመታት ጥሩ ፍንጭ ይሰጣል።

ከአስሩ ማስታወቂያ ስምንቱ ፒችትሪ የሚባለውን የሂሳብ ሶፍትዌር የሚችል ይላሉ። ሆቴሉ ውስጥ የዕለት ገቢ መዝጋት ለምዳለች፣ ፒችትሪው ነው የጎደላት። የማታ ኮርስ ተመዝግባለች።